አልመጣም ብለህ ጻፍልኝ

ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድሜ ፈይሰል፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህን የእጅ ጽሕፈት ታውቀዋለህ? አታውቀውም። እኔም ከተዋወቅሁት ገና ክረምቱ ነው። የቃሲም እጅ ነው!

ሹፌሩ ሳልህ ሽንኩርት ጭኖ ድሬዳዋ ሲመጣ የላክሁልህን ብጣሽ ወረቀት አይተህ «ማን ጻፈለት?» ብለህ ስቀሃል አሉ። ማንም አልጻፈልኝም። የማታ ትምህርት ገብቻለሁ። ወንበሩ የልጆች ስለሆነ ስንቀመጥ ጉልበታችን ጆሯችን ጋ ይደርሳል፤ ትምህርቱ ግን ከጉልበት በላይ ነው። መምህርት ትዕግሥት ፊት ለፊት አልነገረችኝም እንጂ አንደኛ እኔ ነኝ። ሁለተኛ የሚወጣው ሰውዬ ስሙን ሲጽፍ ወረቀቱን ይበሳዋል።

ለምን ገባህ ብትለኝ፣ ላንተ ብዬ ነው። በእህቴ በኑርሃን ኒካህ ቀን ምስክር ሆኜ ስቀርብ አውራ ጣቴን ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ እንዳስጫኑኝ ታስታውሳለህ። ቀለሙ ከጣቴ ሳይለቅ ሥጋ በላሁ፤ የወንዱ ወገን ልጆች ተጠቃቅሰው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ መሳቅ ልማዴ ነው። ቤት ስገባ ግን የፈይሰል ኒካህ ወረቀት ላይ ይሄ ጣት አያርፍም አልሁ። አሁን ፊርማ አለኝ። መጨረሻው ላይ ጅራት አለው፤ ባንክ ቤት የሚሠራ ሰው ቢያየው ይቀናል።

በዚህ ሰሞን ደውለህ «ጥር ላይ ናጅዋን አገባለሁና ና» ብለህ ጠርተኸኛል። ሚዜህ እኔ መሆኔን የምነግርህ ረስተኸው አይደለም። እናትህ እማማ ሩቂያ ገና ጥርሳችን ሲወልቅ የቆረጠችው ነገር ነው። እኛ አገር ደግሞ እናት የሰየመችውን ሚዜ፣ ራሱ ይቅርታ ጠይቆ ካልለቀቀ በቀር፣ ማንም አይተካውም። ሰሞኑንም ውሃ ላደርስላት ስገባ «ሱፍ አሰፋህ?» ትለኛለች።

የጨነቀኝ መንገዱ ነው። ሽንኩርቱ ዘንድሮ ከመሬት ሳይወጣ ዋጋው ወረደ። በአዲስ አበባ ዞሮ ድሬዳዋ መድረስና መመለስ፣ ማደሪያው፣ ልብሱ ሲደመር ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። መላ ግን አላጣም። በሳልህ መኪና ሽንኩርቱ ላይ ተኝቼ ልምጣ? ወይስ ሳምንት ቀድሜ መጥቼ ሱቅህ ውስጥ እየተሸከምሁ ልደር? ሱፉን ከአንተ አሮጌ አንዱን አውሰኝ፤ ቁመታችን አንድ ነው፤ ውበቱ ነው የሚለየው፤ እሱን እኔ እችለዋለሁ።

የቱ ይሻላል? ቶሎ መልስልኝ።

ሚዜህ ቃሲም


ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን

ውድ ወንድሜ ቃሲም፣

ወዐለይኩም ሰላም። ደብዳቤህ በጣም አስደሰተኝ። እንዲህ ትጽፋለህ ብዬ አልጠበቅሁም፤ ማሻአላህ።

ያልከኝን ሁሉ አሰብሁበት። በጭነት መኪና መምጣቱ አይሆንም፤ መንገዱን ታውቀዋለህ፣ ሽንኩርት ላይ ያደረ ሰውም ሠርግ ቤት አይገባም። ሳምንት ቀድመህ ብትመጣ የማሳርፍህ ቦታ የለኝም፤ ቤቱ በናጅዋ ዘመዶች ይሞላል። ሱፉን በተመለከተ ሚዜዎቹ አንድ ዓይነት ነው የሚለብሱት።

ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ላንተ ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም። ለአንድ ቀን ብለህ ከአራጣ አበዳሪ እጅ እንድትወድቅ አልፈልግም። አልቀየምህም። ካልቻልክ አልችልም በለኝ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። በስልክ አትንገረኝ። ተማርክ አይደል? በገዛ እጅህ፣ በሥርዓቱ፣ አልመጣም ብለህ ጻፍልኝ። እናቴ ከኔ አፍ ብትሰማው አታምንም፤ ያንተን ጽሑፍ ሳነብላት ግን ታምናለች። ቦታውንም በደስታ እንደለቀቅህ ጥቀስ። አንተ ቀድመህ አትንገራት፤ ሰሞኑን አክስቴን ልትጠይቅ አጣዬ ስትሄድ እዚያው መጥቼ እኔው አነብላታለሁ።

ወሩ ሳያልቅ ቢደርሰኝ ጥሩ ነው።

ፈይሰል


ሸዋ ሮቢት፣ ታኅሣሥ 15 ቀን

(ይህ የመጀመሪያው ወረቀት ነው። ለሰው የሚነበበው ይሄ ነው።)

ይድረስ ለተከበርከው ወንድሜ ለፈይሰል፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ከናጅዋ ጋር ለምታደርጉት ኒካህ እንኳን ደስ አላችሁ። አላህ በረካውን ያውርድላችሁ፤ በመካከላችሁም መዋደድንና እዝነትን ያኑር።

ጥር 17 ቀን ድሬዳዋ በሚደረገው ሠርግህ ሚዜህና ምስክርህ ሆኜ እንድቆም ስለጠራኸኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ከዚህ የሚበልጥ ክብር ሰጥቶኝ የሚያውቅ ሰው የለም።

ሆኖም የደርሶ መልሱንና የሰንበቻዬን ወጪ ዘንድሮ መሸፈን ስለማልችል በዕለቱ መገኘት አልችልም። አስቀድሜ የማሳውቅህ በቦታዬ ሌላ ሰው ለማቆም ጊዜ እንድታገኝ ነው። ቦታዬን በደስታ ለቅቄያለሁ፤ በዚህ ምክንያት ማንም ማንንም ቅር እንዳይለው እለምናለሁ።

ባልኖርም በዱዓ አብሬያችሁ ነኝ። ለናጅዋና ለቤተሰቦቿ አክብሮቴን አድርስልኝ። ወደዚህ ስትመጡ ቤቴ ቤታችሁ ነው።

ወንድምህ ቃሲም
(ፊርማዬን ልብ ብለህ እየው)

(ይህ ሁለተኛው ወረቀት ያንተና የኔ ነው።)

ፈይሰል፣ እንዴት ነው? ሚኒስትር የጻፈው አይመስልም?

እንዲህ በቀላሉ እንዳይመስልህ። መጀመሪያ ስጽፈው «ብር የለኝም» ብዬ ጀመርሁ። መምህርት ትዕግሥት አንብባ «ሰውዬው ገና ደጃፍህን ሲረግጥ በርበሬ አጨስህበት» አለችኝ። ደስታው ይቅደም፤ ምስጋናው ይከተል፤ እምቢታው መሃል ይግባ፤ መጨረሻው ምርቃት ይሁን። ጽፌ አመጣሁ። አሁን ደግሞ ምክንያት አብዝቻለሁ፤ የሽንኩርቱ ዋጋ፣ የመንገዱ መዘጋት፣ የወገቤ ሕመም፣ የመስኖ ውሃ ተራዬ በዚያው ሰሞን መዋሉ። ሁሉም እውነት ነው፤ ከወገቤ በቀር። እሷ ግን በቀይ እስክሪብቶ ሠረዘችው። «አንድ እውነተኛ ምክንያት ይበቃል። ሲበዛ ሰውዬው አንዱን ያፈርስብኛል ብለህ የፈራህ ይመስላል» አለች። ስንት ብር እንደጎደለኝም አስወጣችው፤ ከተጻፈ ልመና ይሆናል አለች።

ሦስተኛው ላይ «አላህ ካለ ምናልባት እመጣ ይሆናል» ብዬ ነበር። እሱን ስታይ ተቆጣች። «ምናልባት ላልከው ሰው ወንበር ይያዝልሃል፤ ምግብ ይወጣልሃል። ሚዜ ደግሞ ምናልባት የለውም። ካልቻልክ አልችልም በል» አለችኝ። አልችልም የሚለውን ቃል መጻፍ ከፊደላቱ ሁሉ ከበደኝ።

ክፍሉ ሁሉ ሰምቶ አጨበጨበልኝ። ያጨበጨቡት ለደብዳቤው ነው፤ እኔ ግን ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትሁት።

በሳልህ መኪና አንድ ኩንታል ማሾ ልኬያለሁ። ዘንድሮ የወጣ ነው፤ ለሠርጉ ሾርባ ይሁን። ኒካሁ ሲታሰር ስልክ ደውልና ዝም ብለህ ኪስህ ውስጥ ክተተው። ድምፁን ልስማ።

ቃሲም


ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን

ወንድሜ ቃሲም፣

ደብዳቤው ደርሶኛል፤ እጅግ ያምራል። ማሾውንም ተረክበናል፤ ጀዛከላህ።

አጣዬ አክስቴ ቤት ለእናቴ አነበብሁላት። አለቀሰች፤ በኋላ ግን «በእጁ ከጻፈው ምን ይደረጋል» ብላ ካሚልን መረቀችው። ካሚል የሱቅ ሸሪኬ ነው፤ በመጨረሻው ሰዓት እሺ ብሎ ረዳኝ።

ሥራ ስለበዛብኝ አጭር ሆነ። ከሠርጉ በኋላ እንጻጻፋለን።

ፈይሰል


ሸዋ ሮቢት፣ ጥር 15 ቀን

ፈይሰል፣

ይህን የምታነበው ሠርግህ ካለፈ በኋላ ነው። ሳልህ ከሰኞ በፊት እንዳይሰጥህ አስምዬዋለሁ።

ትናንት ጠዋት እማማ ሩቂያን ልሸኝ ሄድሁ። በአውቶቡስ የምትሄድ መስሎኝ እስከ መናኸሪያ ልሸከምላት ገመድ ይዣለሁ። በሩ ላይ አባዱላ ቆሟል። ሹፌሩ ከድሬዳዋ የመጣ ሙሀሲን የሚባል ልጅ ነው። ጥሩ ልጅ ነው፤ እንዳትቆጣው። የሚደብቀው ነገር መኖሩን የነገረው ሰው የለም።

ሻንጣውን ስጭን እንዲህ ተባባልን።

«አንተስ አትገባም?» አለኝ።

«እኔማ መሳፈሪያ አጥቼ የቀረሁ ሚዜ ነኝ» አልሁት፤ ለቀልድ።

«የምን መሳፈሪያ? ፈይሰል መኪናውን ደርሶ መልስ ከፍሎበታል። ማደሪያም ለሸዋ ሮቢት ሰው ተብሎ ሁለት ክፍል ተይዟል። አክስቲቱ ስለቀሩ የኋላው ወንበር እንዳለ ባዶ ነው።»

«መቼ ነው የተከራየህ?»

«እኔንጃ፣ መስቀል ሰሞን ነው ቀብድ የሰጠኝ።»

ሳቅሁ። ሌላ ምን ይደረጋል? «ታዲያ ሚዜው ማነው?» አልሁት፤ ከሱ አፍ ልሰማ ብዬ።

«ካሚል ነዋ! ሱፋቸውን ከልብስ ሰፊው ያወጣነው ጥቅምት ላይ ነው፤ እኔው ነኝ ያደረስኋቸው።»

ጥቅምት። አንተ ና ብለህ የጠራኸኝ ኅዳር ነው።

ፈይሰል፣ እኔ ቀልደኛ ነኝ እንጂ ጅል አይደለሁም። ደግሞም አሁን የተጻፈን ነገር ደግሜ ማንበብ እችላለሁ። ቤት ገብቼ ደብዳቤህን አነበብሁት። «ላንተ ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም» ብለሃል። መኪናው ተከፍሎበት፣ ክፍሉ ተይዞ፣ እኔ ሦስት ጊዜ ቀድጄ አራተኛ ስጽፍ፣ አንተ እንቅልፍህን ተኝተህ ነበር። ወጪ አቅቶኛል ብዬ መምህርቴ ፊት፣ ክፍሉ ፊት፣ እናትህ ፊት ድህነቴን ያስነበብሁት ላልነበረ ወጪ ነው። ብትጠላኝ ምን ነበረበት፤ አትምጣ ብትለኝ ምን ነበረበት? የራሴን መባረሪያ በገዛ እጄ አስጻፍከኝ። ያውም በደስታ ለቅቄያለሁ እንድል!

የበሩ ላይ ነገር ገና አላለቀም። ጎረቤቴ ጋሼ ሽፈራው አጥር ላይ ሆነው ሲሰሙ ኖሯል። «ሂድ እንጂ! ውሃ ተራህን እኔ አጠጣልሃለሁ» አሉኝ። እማማ ሩቂያም ከመኪናው አንገቷን አውጥታ «ቃሲም ልጄ፣ ይኸው ወንበር አለ፤ ና ግባ፤ ሱፍህን ማንም አያይብህም» አለችኝ።

አስበው። መሳፈሪያው አለ፤ ማደሪያው አለ፤ ውሃው ተይዟል። እግሬን ማንሳት ብቻ ነበር የቀረኝ። ገብቼ ብመጣ ደግሞ ምን ትላለህ? ሰው ፊት ታቅፈኛለህ። ያ እቅፍ አስጠላኝ።

እማማ ሩቂያ ፊት እውነቱን ብናገር ሠርጉ ሠርግ አይሆንላትም። ስለዚህ ዋሸሁ። «ወገቤን አሞኛል፣ መንገድ አልችልም» አልኋት። ሻንጣዋን ስጭን አይታኛለች። «እንደሱ ነው?» አለችና መስኮቱን ዘጋችው። ልጄ አላለችኝም።

መኪናው ወደ ጣርማ በር ዞሮ እስኪጠፋ ገመዴን ይዤ ቆምሁ።

ቃሲም


ድሬዳዋ፣ ጥር 25 ቀን

ወንድሜ፣

እንዴት ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። አፉ በለኝ።

የናጅዋ ቤተሰቦች የተማሩ ናቸው። አባቷ ዳኛ ነበሩ። ወንድሞቿ ሲያወሩ እኔ ራሴ ቃል መርጬ ነው የምመልሰው። አንተ ደግሞ አፍህን አውቀዋለሁ። ሰው በተሰበሰበበት ሽንኩርት ስንሸከም የኖርነውን፣ አንድ ጫማ በፈረቃ ያደረግነውን እየሳቅህ ትተርከዋለህ። ኒካሁ ላይ ደግሞ ዳኛው ፊት ጣትህን ቀለም ስትነክር ታየኝ። ካሚልን የያዝሁት ያኔ ነው። ማታ መማርህን አላውቅም ነበር፤ ወላሂ። ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ነገሩ አልፎ ነበር። ሊታረም ይችል ነበር ትል ይሆናል። ፈራሁ።

ሙሽራ ሆኜ ስቀመጥ አንተን እየፈለግሁ ነበር፤ ብታምንም ባታምንም።

አሁን የምለምንህ አለ። እናቴ ተመልሳ እዚያው ናት። የሰማችው ነገር አለ ወይ? ባለፈው ጁምዓ ስደውልላት «ቃሲም ደህና ነው?» አለችኝ፤ «ደህና ነው» አልኋት፤ ስልኩን ዘጋችው። አደራህን፣ ምንም እንዳታውቅ። የሚያስፈልግህ ነገር ካለ ንገረኝ፤ ለመስኖህ ፓምፕ መግዣም ለሌላውም እኔ አለሁ። ከረመዳን በኋላ ናጅዋን ይዤ እመጣለሁ። ያኔ አንተ ከሁሉ ፊት ትቀመጣለህ፤ ሁሉም እንደ ድሮው ይሆናል።

ፈይሰል


ሸዋ ሮቢት፣ የካቲት 2 ቀን

ፈይሰል፣

የጠየቅኸኝን በየተራው እመልሳለሁ።

ጫማውን አልተርከውም ነበር። ዳኛ ፊት ምን እንደሚወራ አውቃለሁ፤ የማወራው አንተ የምትስቅ ስለሚመስለኝ ነበር። ፓምፑን ተወው። ናጅዋን ይዘህ ስትመጣ ቤቴ ይከፈታል፤ እሷ ያጠፋችው የለም። ፊት መቀመጡ ግን ቀርቷል። ካሚል አለልህ፤ የፈረመው እሱ ነው።

የእናትህን ነገር ለመጨረሻ ያቆየሁት እጄ ስላልፈቀደ ነው።

ከመጣች በኋላ ውሃ ሳደርስላት ምንም አላለችኝም። ተመስገን አልሁ። ትናንት ግን ጄሪካኑን አስቀምጬ ልወጣ ስል «ተቀመጥ» አለችኝ። ተቀመጥሁ።

«ወገብህ እንዴት ሆነልህ?»

«ዳነ።»

«እንግዲህ ሻንጣዬን ያነሳ ወገብ ነው፤ ይዳን።» ከዚያ መቁጠሪያዋን አስቀመጠች። «ያ ሹፌር ወሬ አያልቅበትም። አዋሽ ሳንደርስ ሁሉንም ነገረኝ፤ መኪናውንም፣ ክፍሉንም፣ የጥቅምቱን ሱፍም። እኔ ባዶው ወንበር አጠገብ ተቀምጬ ነው የሄድሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ፣ እማማ?» አልኋት።

«ሠርግ ነዋ። እልል አልሁለት። ልጄ አይደል?» አለችኝ። «አንተን ግን ልጄ ብዬ ሳልጠራህ ሄድሁ፤ ያ መንገዱን ሁሉ ሲበላኝ ነበር።»

እንዳልሰደብኩህ እንድታውቅ ነው የምጽፈው። ስለ አንተ ክፉ አልወጣኝም። እሷም አልወጣትም። ያለችው ይሄን ብቻ ነው፦ «በየጁምዓው ሲደውል ቃሲም ደህና ነው ወይ እለዋለሁ። የምጠይቀው ስላንተ ለማወቅ አይደለም፤ አንተ እዚሁ ነህ። ራሱ ይነግረኝ እንደሆነ ብዬ ነው። እስካሁን ደህና ነው ይለኛል።»

እንድጽፍልህ አላዘዘችኝም፤ አልከለከለችኝምም። ሌሊቱን አሰብሁበት። ሚዜ ሥራው ጌጥ መሆን አይደለም፤ ሙሽራው ሰው ፊት ሳያፍር በፊት ጆሮው ላይ ቀስ ብሎ መናገር ነው። ስለዚህ ይኸው ነገርሁህ። ከካሚል ይህን አታገኝም። ከኔም ከዚህ በኋላ አታገኝም።

ሳልህ ነገ ይነሳል፤ ወረቀቱ ከጁምዓ በፊት ይደርስሃል። ስትደውል ትጠይቅሃለች።

ቃሲም